ፖስታ፣ ፐርሰንት ወይስ ዜሮ? ደሞዝተኛዋ ከዳባት፣ የወቅት ሠራተኛው ከደባርቅ

ጥር ላይ እንግዳ ሲበዛ ኪሱ ሞልቶ፣ ሐምሌ ላይ ካርድ የሚሞላበት የሚያጣ ወጣት ደባርቅ ላይ ብርቅ አይደለም። ዳባት ላይ ደግሞ ደሞዝ በወር በወሩ እየገባላት በ20ኛው ቀን ከጓደኛዋ የምትበደር አለች። ሁለቱም «ብር አያያዝ አልችልበትም» ይላሉ። ችግራቸው ግን አንድ አይደለም፤ መፍትሔውም አንድ ሊሆን አይችልም።

ኢንተርኔት ላይ «በጀት» ብላችሁ ስትፈልጉ ሦስት ዘዴዎች ደጋግመው ይመጣሉ፦ የፖስታ ዘዴ፣ የፐርሰንት ደንብ እና ከዜሮ የሚነሳ በጀት። አብዛኛው ቪዲዮ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ያወዳድራቸዋል። እኛ ዛሬ ጥያቄውን ትንሽ እንቀይረዋለን። ብራችሁ የሚገባው እንዴት ነው? በወር አንዴ፣ እኩል እኩል? ወይስ ለአራት ወር በብዛት፣ ከዚያ ጭል ጭል፣ ከዚያ ምንም? ዘዴውን የሚመርጥላችሁ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ከታች ያሉት የብር መጠኖች ለስሌት እንዲመቹ ያስቀመጥናቸው ምሳሌዎች እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። በራሳችሁ ቁጥር ተክታችሁ ሥሩ።

መጀመሪያ ሦስቱን እንተዋወቅ

የፖስታ ዘዴ በጣም ቀላሉ ነው። ብሩ ሲገባ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለመዝናኛ እያላችሁ በተለያየ ፖስታ ትከፋፍሉታላችሁ። የምግቡ ፖስታ ባዶ ሲሆን የምግብ ወጪ አለቀ ማለት ነው። እናቶቻችን በመሀረብ ቋጠሮ፣ በጣሳና በመሶብ ሥር ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው። ጥቅሙ ብሩ ማለቁን በዓይናችሁ ማየታችሁ ነው። ጉድለቱ ደግሞ በየፖስታው ስንት መግባት እንዳለበት አይነግራችሁም።

የፐርሰንት ደንብ ይህን ክፍተት ለመሙላት ይሞክራል። ታዋቂው 50/30/20 ነው፦ ከታክስ በኋላ እጃችሁ ከሚገባው 50 በመቶው ለግድ ወጪ፣ 30 በመቶው ለፍላጎት፣ 20 በመቶው ለቁጠባና ለዕዳ። ይህን አከፋፈል በሰፊው ያስተዋወቁት አሜሪካዊቷ ኤሊዛቤት ዋረን (በኋላ ሴናተር የሆነችው) ከልጇ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው መጽሐፍ ነው። ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው፤ ሦስት ቁጥር ብቻ ታስታውሳላችሁ። ጉድለቱን ዳባት ስንደርስ እናየዋለን።

ከዜሮ የሚነሳ በጀት የመጣው ከመሥሪያ ቤት ነው። ፒተር ፒር የሚባል ሰው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ድርጅት ውስጥ ሠራበት፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ጻፈበት፤ ጂሚ ካርተርም የጆርጂያ ገዢ ሳለ ለግዛቱ በጀት ተጠቀመበት። ሐሳቡ «አምና ይህን ያህል ወጣ፣ ዘንድሮ ትንሽ እንጨምር» ማለትን ትቶ እያንዳንዱን ወጪ ከዜሮ ተነስቶ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወደ ቤት ሲመጣ እንዲህ ሆነ፦ እጃችሁ ላይ ያለው እያንዳንዱ ብር ስም ይሰጠዋል፤ ያለው ብር ሲቀነስ የተመደበው ዜሮ መምጣት አለበት። ዜሮ ማለት ግን ብሩን ጨርሱት ማለት አይደለም። «ለክፉ ቀን 500» ራሱ ምደባ ነው። ዜሮ የሚሆነው ሥራ ያልተሰጠው ብር ነው።

ዳባት፦ በወር 9,000 ብር

አንዲት ዳባት ከተማ የምትሠራ ደሞዝተኛ እንውሰድ። ተቆራርጦ እጇ የሚገባው 9,000 ብር ነው። ለአንድ ወር ያወጣችውን ሁሉ ስልኳ ላይ ስትመዘግብ ግድ የሆኑት ወጪዎች እንዲህ መጡ፦

ቤት ኪራይ 2,000
ምግብ 3,400
ትራንስፖርት 500
ካርድና ጥቅል 300
ዕድር 100
ድምር 6,300 ብር

ይህ ከደሞዟ 70 በመቶ ነው። በ50/30/20 ብትሄድ ግን ለግድ ወጪ የተፈቀደላት 4,500 ብቻ ነው። 1,800 ብር ከየት ትቀንስ? ኪራዩ አይቀነስም፤ ምግቡም ቢሆን ያን ያህል አይቀነስም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው «እኔማ አልተሳካልኝም» ብሎ የሚተወው።

ያልተሳካው ደንቡ እንጂ እሷ አይደለችም። ገቢ ባነሰ ቁጥር ከገቢው ውስጥ ምግብ የሚወስደው ድርሻ ይበልጣል። ይህን ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሰው ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 አሳይቶታል። 50/30/20 የተሠራው ለአሜሪካ መካከለኛ ገቢ ነው። ስለዚህ ፐርሰንቱን ከኢንተርኔት አትቅዱት፤ ከራሳችሁ የአንድ ወር ምዝገባ አውጡት። እሷ በ70/20/10 ብትጀምር 6,300 ለግድ፣ 1,800 ለቤተሰብና ለራሷ፣ 900 ደግሞ ለቁጠባ ይሆናል። ከ1,800ው 1,000 ለእናቷ ትልካለች፤ 800 ለራሷ ይቀራታል። ለቤተሰብ የሚላክ ብር የውጭዎቹ ደንቦች ውስጥ ቦታ የለውም፤ እኛ ጋ ግን ስም ካልተሰጠው ከምግቡ ላይ ይወጣል።

ፐርሰንቱ እስከዚህ ይበቃዋል። 900ው ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ዜሮ በጀቱ ነው። «ቁጠባ» ብሎ መተው ቀላል ነው፤ ግን ስም የሌለው ቁጠባ የመጀመሪያው በዓል ይበላዋል። እሷ ሦስት ስም ሰጠችው፦ ለበዓላት 350፣ ለክፉ ቀን 500፣ ለጳጉሜን 50።

ለጳጉሜን? አዎ። የወር ደሞዝ በ12 ወር ነው የሚከፈለው፤ ጳጉሜን ደሞዝ የላትም፤ ሆድ ግን አለ። የነሐሴ መጨረሻ ደሞዝ 30 ሳይሆን 35 ቀን መድረስ አለበት፤ በዚያ ላይ እንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት ወጪ እዚያው ይገናኛሉ። የምግቧ ወጪ 3,400 ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 113 ብር ገደማ ነው። ለ5 ቀን 567 ብር ገደማ ይሆናል። በወር 50 ብታስቀምጥ በዓመት 600 አላት፤ ይበቃታል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን 680 ያስፈልጋታል፤ 80 ብር ይጎድላታል። ይሄን በመስከረም ካወቀችው ቀላል ነው፤ በነሐሴ 30 ካወቀችው ግን ብድር ነው።

አሁን ሁሉም ብር ስም አለው፦ 6,300 እና 1,800 እና 900 ሲደመሩ 9,000፤ የቀረው ዜሮ። ታዲያ ለምን በ20ኛው ቀን ያልቅባታል? ምክንያቱም በጀት ወረቀት ላይ ነው፤ ወጪው ግን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ነው። እዚህ ጋ ፖስታው ይመጣል።

ለሁሉም ነገር ፖስታ አያስፈልግም። ኪራይና ዕድር በወር አንዴ ስለሚከፈሉ አያመልጡም። ፖስታ የሚያስፈልገው ደጋግማችሁ ለምታወጡበት ነገር ነው፤ ለእሷ ምግብና የራሷ 800 ናቸው። ከ3,400ው 1,400ውን ደሞዝ እንደወጣ ጤፍ፣ ዘይትና ሽሮ ትገዛበታለች። የቀረውን 2,000 በአንድ ፖስታ ብታስቀምጠው በ18ኛው ቀን ባዶ ያገኘዋል። ስለዚህ በሳምንት ከፋፈለችው፦ አራት ፖስታ በ450፣ አምስተኛው ለመጨረሻዎቹ 2 ቀናት 200። አንድ ሳምንት ቢያልቅባት የምትቸገረው ለሁለት ለሦስት ቀን ነው እንጂ ለ12 ቀን አይደለም።

ከአንዱ ፖስታ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ ግን ይጻፍ። ሦስት ወር በተከታታይ ከአንድ ፖስታ ካወጣችሁና ወደ አንድ ፖስታ ካስገባችሁ ቁጥሩ ስህተት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ራሳችሁን ከምትወቅሱ በጀቱን አርሙት።

ፖስታው ስልክ ውስጥ ሲሆን

ቴሌብር ላይ የምታዩት ቀሪ ሒሳብ አንድ ቁጥር ነው። 4,000 ብር ሲል ውስጡ ኪራይም፣ ዕድርም፣ የእናትም ብር አለ፤ ዓይን ግን 4,000 ነው የሚያየው። ፖስታ የሚሠራው ብሩ ሲለያይ ስለሆነ በስልክም ለያዩት። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፦ የኪራይና የቁጠባ ብር ባንክ ይቀመጥ፤ ቴሌብር ላይ የዚህ ሳምንት ብቻ ይኑር። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ማታ፣ የቀጣዩን ሳምንት ታዛውራላችሁ። ቴሌብር ሳንዱቅ የሚባለው የቁጠባ አገልግሎትም እንደ አንድ ፖስታ ሊያገለግል ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ቴሌብር እንደኪሴ ሒሳባችሁ ሲያንስ የጎደለውን ሞልቶ ክፍያው እንዲያልፍ የሚያደርግ ብድር ነው፤ ክፍያም አለው። ባዶ ፖስታ ሊያቆማችሁ ሲል እሱ ከኋላ ይሞላዋል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ሳምንት ብር ሲገባ መጀመሪያ የእሱን ይቆርጣል። በፖስታ የምትሠሩ ከሆነ አትጠቀሙበት።

ደግሞ በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የሆነውን አትርሱ። አፑ ባይከፈትም `*127#` ያለ ዳታ ይሠራል፤ እሱም ግን ኔትወርክ ይፈልጋል። ቢያንስ የአንድ ሳምንት የምግብ ብር በእጅ ይኑር።

ደባርቅ፦ አንዳንድ ወር 14,000፣ አንዳንድ ወር ዜሮ

አሁን ወደ ደባርቅ እንውጣ። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ለሚገቡ እንግዶች ምግብ የሚያበስል ወጣት እንውሰድ። አስጎብኚ፣ ስካውት ወይም በቅሎ የሚያከራይም ሊሆን ይችላል። ተራው ደርሶ ሳንቃበርና ግጭ አድሮ ሲመለስ ይከፈለዋል፤ ተራው ካልደረሰ የለም። ዓመቱ እንዲህ ነው እንበል፦

ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አራት ወር፦ 52,000
ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ሦስት ወር፦ 18,000
ግንቦት፦ 2,000
ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሦስት ወር፦ ምንም
መስከረም፦ 6,000

ዓመቱን ሙሉ 78,000 ነው፤ ለ12 ሲካፈል በወር 6,500። ለመኖር የሚያስፈልገው በወር 5,500 ነው። ይበቃዋል! ግን ሐምሌ ላይ ይቸገራል። ለምን? ምክንያቱም ኅዳር ላይ 14,000 ሲገባ በጀቱን የሠራው በ14,000 ነው። ዜሮ በጀትን ልክ እንደ ዳባቷ ቢጠቀም እያንዳንዱ ብር ለኅዳር ስም ይሰጠዋል፤ ሐምሌ የሚባል ስም ዝርዝሩ ላይ የለም።

ሌላው ስህተት ደግሞ የገና ጉዞ ቃል ስለተገባለት ገና ያልገባውን ብር መመደብ ነው። እንግዳ ይሰርዛል። በ2012 ዓ.ም ኮሮና፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም ደግሞ ጦርነት ሲመጣ የጎብኚ ሥራ እንዴት እንደቆመ ደባርቅ ታውቃለች። ደንቡ አንድ ነው፦ ያልገባ ብር አይመደብም።

ለእንዲህ ያለ ገቢ ቀድሞ የሚመጣው ፐርሰንት ነው። ምክንያቱም ፐርሰንት መተንበይ አይፈልግም። 3,000 ቢገባ፣ 700 ቢገባ ደንቡ ያው ነው። የዚህ ወጣት ደንብ እንዲህ ይሁን፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ከእያንዳንዱ ጉዞ ክፍያ ግማሹ፣ ያውም ቤት ሳይደርስ፣ ወደ «ክረምት» ሒሳብ። ከየካቲት በኋላ የሚገባው ለኑሮ ይቀራል።

እንቁጠረው። ከ52,000 ግማሹ 26,000 ክረምት ይገባል። የቀረው 26,000 ለአራት ወር በወር 6,500 ነው፤ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 18,000 አለ፤ በወር 6,000፤ ይበቃል። ግንቦት ላይ 2,000 ስለሚገባ ከክረምት 3,500 ይወስዳል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በ5,500 ሒሳብ 16,500 ናቸው። ከክረምት የወጣው ጠቅላላ 20,000 ነው። 6,000 ይተርፋል፤ ይህም ለጳጉሜን፣ ለእንቁጣጣሽና ለድንገት ነው። መስከረም ላይ ደግሞ የራሷ 6,000 አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የዳባቷ ሥራ ነው። በየወሩ መጀመሪያ 5,500ውን እንደ ደሞዝ ለራሱ ይከፍላል፤ በዜሮ በጀት ስም ይሰጠዋል፤ የምግቡን በሳምንት ፖስታ ይከፋፍላል።

ወቅቱ ከከሸፈስ?

እንግዳው በግማሽ ቀነሰ እንበል። ከጥቅምት እስከ ጥር የገባው 26,000 ብቻ ነው። ግማሹ 13,000 ክረምት ገባ፤ ይህ ለሁለት ወር ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ለኑሮ የቀረው ደግሞ በወር 3,250 ነው። ሒሳቡ አይሞላም፤ የትኛውም ዘዴ የሌለ ብር አይፈጥርም።

ዘዴው የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ ጊዜ። ጥር 30 ላይ የክረምት ሒሳቡን ቁጠሩና ለ5,500 አካፍሉት፤ ስንት ወር እንደሚያኖራችሁ ይነግራችኋል። አራት ወር ገደማ ካልሞላ አሁኑኑ አውቃችኋል፤ ሌላ ሥራ ለመፈለግ፣ ኪራይ ለመጋራት፣ ከቤተሰብ ጋር ለመነጋገር አራት ወር አላችሁ። ያልቆጠረው ሰው ይህንኑ የሚያውቀው ሰኔ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ብድር ብቻ ነው።

የዜሮ በጀት ዝርዝርም እዚህ ይጠቅማል። ወጪዎቹን በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ከላይ የማይነካው፣ ከታች መጀመሪያ የሚቀረው። ዕድር ከላይ ይሁን። ትንሽ ብር ናት፤ ግን ካቋረጣችኋት በክፉ ቀን ብቻችሁን ናችሁ።

እቁብና እህል

እቁብ በሌሎች እጅ የተያዘ ፖስታ ነው፤ ከፍታችሁ ልትበሉት አትችሉም፤ ጥንካሬውም እሱ ነው። ግን ክፍያው ቋሚ ነው፤ ገቢያችሁ ሰኔ ላይ ቢቆምም እቁቡ አይቆምም። የወቅት ሠራተኛ ከሆናችሁ ጥቅምት ተጀምሮ ከሰኔ በፊት የሚያልቅ እቁብ ግቡ። ደሞዝተኛ ግን የትኛውም ወር ይስማማታል።

ሌላው፣ የክረምት ፖስታ ሁሉ ብር መሆን የለበትም። ገብስና ስንዴ ከመኸር በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይረክሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወደዳል። ከ26,000ው ላይ የክረምት እህላችሁን ጥር ላይ ብትገዙ ብሩ ዋጋ ሲያጣ እናንተ በልታችሁታል። በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ነቀዝ የገባበት ቁጠባ ቁጠባ አይደለም። ሁሉንም ብር ግን እህል አታድርጉት፤ መድኃኒት ቤት ገብስ አይቀበልም።

ባጭሩ

ገቢያችሁ በየወሩ እኩል ከሆነ ከዜሮ በጀት ጀምሩ፤ ፖስታ በሚያፈሱት ሁለት ወጪዎች ላይ ብቻ ጨምሩ፤ ፐርሰንቱን በዓመት አንዴ ለመመዘኛ ተጠቀሙበት። ገቢያችሁ ወቅት የሚከተል ከሆነ ከፐርሰንት ጀምሩ፤ የክረምቱን ለዩ፤ ለራሳችሁ እኩል ደሞዝ ክፈሉ፤ ከዚያ ዜሮና ፖስታው ይከተላሉ።

ዛሬ ማታ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ የስልካችሁን ማስታወሻ ክፈቱና ዛሬ ያወጣችሁትን ጻፉ። ሠላሳ ቀን ስትደርሱ የራሳችሁ ፐርሰንት እጃችሁ ላይ ነው። ክረምት ሲመጣ ብር የሚያልቅበት ጓደኛ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አሁን፣ ሥራ ሳለ፣ ላኩለት።